«ስም አልጠራሁም፣ ጽሑፉም አይነበብም»፦ ተለማማጇ፣ ቲክቶኩና የደንበኛው ምስጢር

ጥያቄ፦ «የአካውንቲንግ 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ የኦዲት ድርጅት ኢንተርንሺፕ ላይ ነኝ። ባለፈው ሐሙስ ሰንጋ ተራ ደንበኛ ቢሮ ሄደን ስንሠራ "የኦዲተር ውሎ" ብዬ የ18 ሰከንድ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ለቀቅሁ። ከኋላዬ ኮምፒውተርና ፋይሎች ይታያሉ፣ ግን ጽሑፉ አይነበብም። የድርጅቱን ስምም አልጠራሁም። ሰኞ ሱፐርቫይዘሬ ስለ ምስጢር ጥበቃ ሲናገሩ ደነገጥኩና አጠፋሁት። 400 ሰው ገደማ አይቶታል። የፈረምኩት ነገር የለም፣ ገጹም የግሌ ነው። አልቋል ብዬ ዝም ልበል ወይስ ልንገራቸው?»

ምላሽ፦

ንገሪያቸው። ነገ ጠዋት፣ በአካል፣ ቪዲዮውን ስልክሽ ላይ ይዘሽ። ምክንያቱን ከማስረዳቴ በፊት ግን መስተካከል ያለባቸው ሐሳቦች አሉ።

«የፈረምኩት የለም» የሚለውን ከብዙ ተለማማጆች እሰማለሁ። የምስጢር ግዴታ የሚመጣው ከፊርማ ብቻ ነው የሚል እምነት አለ። በኦዲት ሥራ እንደዚያ አይደለም። ምስጢር መጠበቅ በዓለም አቀፉ የሒሳብ ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ደንብ ውስጥ ካሉት 5 መሠረታዊ መርሆዎች አንዱ ነው። ደንቡ ባለሙያውን ራሱን አፉን ዝጋ ብሎ ብቻ አይተውም። ከሥሩ የሚሠሩ ሰዎችም ምስጢር እንዲጠብቁ ማድረግ የእሱ ኃላፊነት ነው ይላል። አንቺ አልፈረምሽም፤ ሱፐርቫይዘርሽ ግን ስለ አንቺም ተጠያቂ ናቸው። ቪዲዮውን አንድ የደንበኛው ሠራተኛ አይቶት ከሆነ ነገ ስልክ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። ምንም ሳያውቁ ስልኩን ማንሳት የለባቸውም። ልትነግሪያቸው የሚገባሽ ዋናው ምክንያት ይሄ ነው።

«ገጹ የግሌ ነው» የሚለውም አያስኬድም። ገጹ ያንቺ ነው፣ ቢሮው ግን የደንበኛው ነው። የምሳሽን፣ የጫማሽን፣ የታክሲ ሰልፍሽን ቪዲዮ ልቀቂ፤ ማንም አያገባውም። ደንበኛው በሩን የከፈተልሽ ሒሳቡን እንድታይለት ነው። እዚያ ውስጥ ያየሽው ነገር የግል ገጽሽ ላይ ስለወጣ የግልሽ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንሂድ። ጽሑፉ አይነበብም ያልሽው በማን ዓይን ነው? አንቺ ያየሽው በትንሽ ስክሪን፣ ቪዲዮው እየሄደ፣ የራስሽን ፊት እያየሽ ነው። ማንበብ የሚፈልግ ሰው እንደዚያ አያይም። ያቆመዋል፣ ስክሪንሾት ያነሳል፣ ያሰፋዋል። ስለዚህ ማታ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ዋናውን ቪዲዮ በደንብ መርምሪው። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተሽ በየሰከንዱ እያቆምሽ እይ። ከቻልሽ በኬብል ወደ ኮምፒውተርሽ አውርደሽ በትልቁ ስክሪን ተመልከቺው። ቀጥሎ ስልኩን ገልብጠሽ በጆሮ ማዳመጫ ድምፁን ብቻ ስሚ። ምስሉን ስናይ ጆሯችን ይሰንፋል። ከኋላ «የእነ እገሌ ቫውቸር የት ገባ?» የሚል ድምፅ ካለ የምትሰሚው ያኔ ነው።

ምስሉ ላይ የት የት ማየት እንዳለብሽ ልንገርሽ። ሰው ሁሉ የሚያየው የኮምፒውተሩን መሀል፣ ቁጥሮቹ ያሉበትን ነው። ቁጥሮቹ ትንንሽ ስለሆኑ እውነትም ላይነበቡ ይችላሉ። አሳባቂው ያለው ከላይ ነው። የሒሳብ ሶፍትዌሩን ፒችትሪን ከፍታችሁ ከነበረ የመስኮቱ የላይኛው መስመር ላይ የድርጅቱ ስም ተጽፏል። ኤክሴልም ከላይ የፋይሉን ስም ያሳያል፤ በኦዲት ሥራ ደግሞ የፋይል ስም ብዙ ጊዜ የደንበኛው ስምና የበጀት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሂጂ። የቦክስ ፋይል ጀርባ ላይ በወፍራም ማርከር የሚጻፈው ከሩቅ እንዲነበብ ተብሎ ነው። ላንቺ ካሜራም ይነበባል። ጠረጴዛው ላይ ከባንክ የመጣ የሒሳብ ማረጋገጫ ደብዳቤ ካለ የባንኩ አርማ ብቻውን ድርጅቱ ከየትኛው ባንክ ጋር እንደሚሠራ ይናገራል።

ከሁሉም በላይ ግን ማህተምና ፊርማ ፈልጊ። ተለማማጆች ይህን በጭራሽ አያስቡትም። እኛ አገር ወረቀትን ወረቀት የሚያደርገው ክቡ ማህተምና ከሥሩ ያለው ፊርማ ነው። ጥርት ያለ የማህተም ምስል፣ አጠገቡ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ፣ ከላይ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ አንድ ላይ ከተገኙ ሐሰተኛ ደብዳቤ ለሚሠራ ሰው ግማሹ ሥራ አለቀለት። የደንበኛው ትርፍ ስንት እንደሆነ ማንም ባያውቅም ይህ አንድ ምስል ብቻውን በቂ ጉዳት ነው። ቪዲዮው ላይ ይህ ካለ ለሱፐርቫይዘርሽ መጀመሪያ የምትነግሪያቸው እሱን ነው።

የመጨረሻው መስኮቱ ነው። የሰንጋ ተራ ሕንፃዎች ተለይተው የሚታወቁ ናቸው። ከጀርባሽ የትኛው ሕንፃ በየት በኩል እንደሚታይ አይቶ አንቺ ያለሽበትን ሕንፃ፣ አንዳንዴም ፎቁን መገመት ለሠፈሩ ሰው ከባድ አይደለም። አስተያየቶቹንም አስታውሺ። «ኧረ እዛ ነሽ እንዴ? አክስቴ እዛ ነው የምትሠራው» ያለሽ ጓደኛ ነበረች? አንቺስ «አዎ» ብለሻት ነበር? ስም አልጠራሁም የሚለው ነገር እዚያ ላይ አብቅቷል።

ምሳሌ ልስጥሽ፤ ያንቺኑ ቪዲዮ ተመርኩዤ የምገምተው ነው። 3ኛው ሰከንድ ላይ መስኮቱ ይታያል። 7ኛው ላይ ካሜራው ሲዞር መደርደሪያው ላይ «ደመወዝ 2017» የሚል ቦክስ ፋይል አለ። 11ኛው ላይ የኮምፒውተሩ የላይኛ መስመር ለአፍታ ጥርት ይላል። ከወር በፊት ደግሞ ሊንክድኢን ላይ ስለተቀበሉኝ አመሰግናለሁ ብለሽ የኦዲት ድርጅቱን ስም ጠቅሰሻል። አራቱም ለየብቻቸው ሲታዩ ምንም አይመስሉም። አንድ ላይ ሲገጣጠሙ ግን «ይህ የኦዲት ድርጅት፣ በዚህ ሳምንት፣ የዚህን ድርጅት ደመወዝ እየመረመረ ነው» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይወጣቸዋል። ምስጢር ብዙውን ጊዜ የሚወጣው እንዲህ በቁርጥራጭ ነው።

«ቢታወቅስ ምን አለበት? ኦዲት መደረግ ነውር ነው?» ትይኝ ይሆናል። ነውር አይደለም። ግን ለምን እንደሄዳችሁ አንቺ ላታውቂ ትችያለሽ። መደበኛ ዓመታዊ ኦዲት ሊሆን ይችላል። ድርጅቱ የቀድሞ ኦዲተሩን ሊያሰናብት ሊሆን ይችላል። ባለቤቶቹ ሊሸጡት፣ ወይም ትልቅ ብድር ሊጠይቁበት ሊሆን ይችላል። በነዚህ ሁኔታዎች ኦዲተር ቢሮው ውስጥ መታየቱ ራሱ ዜና ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2017 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከበድ ብሏል። አክሲዮኑ ለገበያ የቀረበ ድርጅት ከሆነ ገና ይፋ ያልሆነ የሒሳብ መረጃ ዋጋ የሚያንቀሳቅስ መረጃ ነው። በዚህ መረጃ መነገድም በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተከለከለ ነው። አንቺ ልትነግጂ አላሰብሽም። ቪዲዮሽን ያየው ሰው ምን እንደሚያስብ ግን አታውቂም። የጉዳቱን መጠን መመዘን የአንቺ ሥራ ያልሆነው ለዚህ ነው። የሥራውን ምንነት የሚያውቁት ሱፐርቫይዘርሽ ናቸው፣ የሚመዝኑትም እሳቸው ናቸው።

ሰዓትም ያለው ጉዳይ ነው። ቪዲዮው ላይ የሰዎች ስምና ደመወዝ፣ ወይም የመታወቂያ ኮፒ የሚታይ ከሆነ ጉዳዩ ከንግድ ምስጢር አልፎ የግል መረጃ ይሆናል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለ መረጃ ሲያፈተልክ መረጃውን የያዘው ድርጅት ካወቀ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያዛል። ያንቺ ቪዲዮ እዚያ ደረጃ ይደርሳል እያልኩ አይደለም፤ ምናልባትም አይደርስም። ይደርሳል አይደርስም የሚለውን የሚወስኑት ሰዎች ግን ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። አንቺ በዝምታ ያሳለፍሽው እያንዳንዱ ቀን ከእነሱ ላይ የተወሰደ ነው።

ማጥፋትሽ ጥሩ ነው። ግን ማጥፋት የሚያቆመው አዲስ ተመልካችን ብቻ ነው። ስልኩ ላይ ያወረደው፣ ስክሪን ሪከርድ ያደረገው፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የላከው ሰው ካለ ኮፒው ከእጅሽ ወጥቷል። ለ400ውም መደወል አትችዪም፤ አትሞክሪውም። «ያን ቪዲዮ ያወረደ ካለ እባካችሁ አጥፉት» ብለሽ ግሩፕ ላይ ከጻፍሽ ልብ ያላለውም ሰው ሄዶ ይፈልገዋል። የይቅርታ ቪዲዮማ ከነጭራሹ አታስቢው። ለደንበኛውም ራስሽ እንዳትደውዪ። ከደንበኛ ጋር መነጋገር የድርጅቱ ኃላፊዎች ድርሻ ነው፤ ምናልባትም ጨርሶ ላለመናገር ይወስኑ ይሆናል።

ዋናውን ቪዲዮ ከስልክሽ ላይ ገና አታጥፊው። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ደንግጠው ሁሉንም ይደመስሱና ሱፐርቫይዘራቸው «እስቲ ምን ይታይ ነበር?» ሲሏቸው የሚያሳዩት ያጣሉ። ያልታየ ቪዲዮ ደግሞ ሁልጊዜ ከታየው የከፋ ተደርጎ ይታሰባል። አቆዪው፤ ግን ለማንም አትላኪው። ለሱፐርቫይዘርሽም በቴሌግራም አትላኪላቸው፣ አንድ ኮፒ ጨመርሽ ማለት ነው። ስልክሽን ይዘሽ ግቢና አሳዪያቸው።

ስትገቢ ረጅም መግቢያ አያስፈልግም። እንዲህ በያቸው፦ «ሐሙስ ዕለት ደንበኛው ቢሮ ሆኜ ቪዲዮ ቀርጬ ቲክቶክ ላይ ለቅቄ ነበር። ሰኞ እርስዎ ሲናገሩ ስህተት መሆኑ ገብቶኝ አጥፍቼዋለሁ። እስከዚያ 400 ሰው ገደማ አይቶታል። የሚታየውንና የሚሰማውን በየሰከንዱ ወረቀት ላይ ጽፌ አምጥቻለሁ። ዋናው ስልኬ ላይ ነው፣ ለማንም አላኩትም። ምን ላድርግ?» ከዚህ በላይ አትጨምሪ። «ሌሎቹም ይለቃሉ» አትበይ፣ እውነት ቢሆንም። «ምንም አይታይም» ብለሽም አትጀምሪ፤ ያንን እሳቸው ይበሉት። አብሮሽ ቪዲዮው ላይ ያለ ሌላ ተለማማጅ ካለ ግን ከመግባትሽ በፊት ልትናገሪ መሆኑን ንገሪው። ዱብ ዕዳ እንዳይሆንበት።

ምን ይደርስብኛል ለሚለው ዋስትና ልሰጥሽ አልችልም። ተለማማጆችን ስከታተል እንዳየሁት በራሱ አንደበት ቀድሞ የተናገረ ልጅ ብዙውን ጊዜ ተግሣጽ ተቀብሎ፣ ምናልባት ከዚያ ደንበኛ ሥራ ተነስቶ ይቀጥላል። ከደንበኛው ስልክ ሲሰሙ ግን ጥያቄው «ምን ቀረጸች?» መሆኑ ይቀርና «ለምን ደበቀችን?» ይሆናል። እዚያ ላይ ነው ደብዳቤ ወደ ዲፓርትመንት የሚጻፈው። አይታወቅም ብለሽም አትተማመኚ። ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ፣ ከለገሃር እስከ ሰንጋ ተራ ያለው የባንክና የኦዲት ሰው ምሳ የሚበላው አንድ ሰፈር ነው። ከ400ዎቹ ውስጥ ያንቺ የክፍል ልጆች አሉ፣ እነሱም በየቢሮው ተለማማጅ ናቸው።

ሱፐርቫይዘርሽ አይተው «አጥፊው» ካሉሽ በኋላ በደንብ አጥፊው። ከጋለሪው ማጥፋት አይበቃም። ጉግል ፎቶስ ባክአፕ በርቶ ከሆነ ያጠፋሽው ምስል ትራሽ ውስጥ እስከ 60 ቀን ይቀመጣል፤ እዚያም ገብተሽ ባዶ አድርጊው። ቲክቶክ ላይ ድራፍት ካለ እሱንም። በዚያው የሥራ ቴሌግራም ግሩፑን ቅንብር ተመልከቺ። ቴሌግራም የሚመጡ ፎቶዎችን በራሱ ወደ ጋለሪ እንዲያስቀምጥ ከተደረገ ባልደረባሽ የላከው የቫውቸር ፎቶ ከእህትሽ የልደት ፎቶ ጎን ይቀመጣል፣ ከዚያም ባክአፑ ይወስደዋል። አንቺ ምንም ሳትለቂ የደንበኛው ሰነድ የግል ጉግል አካውንትሽ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ያንን ማስቀመጫ ዝጊው።

ከዚህ በኋላ ምን መልቀቅ እችላለሁ ካልሽ፣ እኔ የምመክረው መስመር ቀላል ነው። ደንበኛ ግቢ ውስጥ ካሜራ አይወጣም፤ ኮሪደሩም፣ ካፍቴሪያውም፣ ሊፍቱ ውስጥ ያለው መስታወትም ግቢው ነው። በራሳችሁ ቢሮ ደግሞ ሱፐርቫይዘርሽን አስፈቅደሽ፣ ባዶ ግድግዳ ከኋላ አድርገሽ። ስለ ሥራው መጻፍ ከፈለግሽ የሥራውን ዓይነት ጻፊ፣ የተሠራለትን አትጻፊ። «የዕቃ ቆጠራ እንዴት እንደሚካሄድ ተማርኩ» ችግር የለውም። «ዛሬ የአንድ ትልቅ ቢራ ፋብሪካ መጋዘን ቆጠርን» ግን ስም አልጠራሁም እያልሽ መጥራት ነው፤ አገሪቱ ውስጥ ስንት ቢራ ፋብሪካ አለና? የዛሬን ዛሬ አለመልቀቅም ልማድ ይሁን። ኢንተርንሺፑ ካለቀም በኋላ ግዴታው አብሮሽ ይቆያል፤ የሥነ ምግባር ደንቡ የሥራ ግንኙነት ሲያበቃ ምስጢሩ አያበቃም ይላል።

አንድ ገደብ ግን ልብ በይ። ምስጢር የሚባለው የደንበኛውና የድርጅቱ ሥራ ነው። በአንቺ ላይ የደረሰ በደል፣ ለምሳሌ ትንኮሳ ወይም ቃል ተገብቶልሽ የተከለከልሽው የትራንስፖርት አበል፣ የማንም የንግድ ምስጢር አይደለም። ለዩኒቨርሲቲሽ አማካሪም ሆነ ለሚመለከተው አካል መናገር ትችያለሽ። ሒሳቡ ላይ ወንጀል የሚመስል ነገር ካየሽም መንገዱ አለ፦ መጀመሪያ ለሱፐርቫይዘርሽ፣ ካልሆነ ከሳቸው በላይ ላለው ኃላፊ። ቲክቶክ ከነዚህ መንገዶች ውስጥ የለበትም።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ፤ ምክንያቱም ከቪዲዮው ይልቅ ብዙ ምስጢር የሚወጣው በዚህ በኩል ነው። የኢንተርንሺፕ ሪፖርትሽ። መጨረሻ ላይ 40 ገጽ ጽፈሽ ለዲፓርትመንት ታስገቢያለሽ። አባሪ ላይ ልጆች የደንበኛን ትሪያል ባላንስ እንዳለ ይለጥፋሉ። ስሙን ቀይሮ «ድርጅት ሀ» ማለት አይበቃም፤ ሥራውን፣ አድራሻውንና የሠራተኛውን ብዛት ከጻፍሽ ስሙን ጻፍሽው ማለት ነው። ቁጥሮችን ማሳየት ግድ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ቁጥር አባዢያቸው፣ ለምሳሌ በ0.37። ምጣኔዎቹ አይዛቡም፣ ትንተናሽም ይሠራል፣ እውነተኛው መጠን ግን አይታወቅም። ማባዣውን አትጻፊው፤ ቁጥሮቹ ተቀይረዋል ብለሽ ብቻ ግለጪ። ሪፖርቱን ከማስገባትሽ በፊት ሱፐርቫይዘርሽ ያንብቡት። ለማሳተም ስትሄጂ ደግሞ ፋይሉን ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም አትላኪ። እዚያው ቻቱ ላይ ይቀራል፣ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪም «ሳምፕል ሪፖርት አለ?» ሲል ያንቺን ያወጡለታል። በፍላሽ ውሰጂ፣ ዴስክቶፑ ላይ ከገለበጡት እዚያው ቆመሽ አስጠፊ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አስደርጊ፣ የተበላሸውንም ወረቀት ሰብስበሽ ይዘሽ ውጪ።